ኢንሹራንሱ ለሌላው ከፍሎ ለእኔ ሲከለክል

«ጋሼ፣ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና አለችኝ፤ የሚነዳት የእህቴ ባል ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ አላት። ጥር 12 ማታ ሐረር ዕቃ አራግፎ ሲመለስ፣ የደንገጎን ቁልቁለት ጨርሶ ከተማው መግቢያ ላይ ከባጃጅ ጋር ተጋጨና መኪናዋ የግንብ አጥር ውስጥ ገባች። የባጃጁ ተሳፋሪ እግሩ ተሰበረ። ነገሩ ሲመረመር የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ መታደሻው መስከረም ላይ አልፎ ተገኘ፤ ከአደጋው በኋላ ጥር 21 አሳደሰው። ፖሊስ ደግሞ ‹የመጠጥ ሽታ ነበረው› ብሎ ጽፏል፤ እሱ ምሳ ላይ አንድ ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት ይላል። ኢንሹራንሱ ለባጃጁ 78,000፣ ለተጎጂው ሕክምና 26,000 ብር ከፈለ። ለእኔ መኪና ግን አልከፍልም አለ፤ አሁን ደግሞ የከፈለውን 104,000 ብር መልሺ የሚል ደብዳቤ ላከልኝ፤ ካልቻልሽ በየወሩ ክፈይ ብሎ የስምምነት ወረቀት አያይዟል። አንድ የማውቀው ሰው ‹ሌላ ሰው ነበር የነዳው በይ› ይለኛል። እህቴ እንዳትቀየመኝ እፈራለሁ እንጂ ሾፌሩንስ ልክሰሰው ወይ? ት. ከሳቢያን»

እህቴ ት.፣ በድሬ ወግ «አንቺ» እያልኩ ልጻፍልሽ፤ እዚህ አገር «እርስዎ» ሲባል ሰው የተቆጡት ይመስለዋል።

ከሁሉ በፊት ያችን የወር ክፍያ ስምምነት አትፈርሚ። ኢንሹራንስ ቤት ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ የካሣ ጥያቄ ፋይል ሳገላብጥ ኖሬያለሁና ያ ወረቀት ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ። የሚነበበው እንደ ቸርነት ነው፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ክፈይ ይላል። ከፊርማሽ በላይ ያለው መስመር ግን አብዛኛውን ጊዜ «ዕዳው እንዳለብኝ አምኜ» ብሎ ይጀምራል። እሱን ከፈረምሽ በኋላ መንጃ ፈቃዱ ነበረው፣ አልነበረውም፣ ሰክሮ ነበር፣ አልነበረም የሚለው ክርክር ሁሉ ዋጋ ያጣል፤ አንቺ ራስሽ ዘግተሽዋልና። በእጅሽ ያሉት ሁለቱ ደብዳቤዎች ደግሞ የሚቆሙት በአንድ እግር ነው፤ ያችን እግር ሳትመረምሪ አንዱን ማመን ሁለቱንም ማመን ነው።

እግሯን ላሳይሽ። ሙሉ ኢንሹራንስ የምንለው ውል አንድ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሁለት ቃል ኪዳን አለ። አንደኛው በመኪናሽ ላይ ለደረሰ ጉዳት ነው፤ ይህ በአንቺና በኩባንያው መካከል ያለ የግል ጉዳይ ስለሆነ ኩባንያው ውሉን ጥሰሻል ካለ ይከለክልሻል። ሁለተኛው መኪናሽ በሌላ ሰው ላይ ላደረሰችው ጉዳት ነው። ይኼኛው የአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ሕጉ ያወጣውም ለባለ መኪናው ሲል ሳይሆን መንገድ ላይ ለሚጎዳው ሰው ሲል ነው። እግሩ የተሰበረው ተሳፋሪ ሾፌርሽ መንጃ ፈቃዱን አሳድሶ ይሁን አይሁን የሚያውቅበትም የሚጠየቅበትም መንገድ የለም። ስለዚህ ኩባንያው መጀመሪያ ይከፍለዋል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ አንቺ አዙሮ «ሕግ አስገድዶኝ እንጂ በውላችን ይህን የመክፈል ግዴታ አልነበረብኝም» ይላል። በፖሊሲሽ ውስጥ መልሶ ስለመጠየቅ የሚናገር አንድ አጭር አንቀጽ ታገኚያለሽ፤ ደብዳቤው የተጻፈው በእሱ ላይ ተመሥርቶ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ከፍሎ መልሶ መጠየቅ ግፍ ነው» ብሎ ሲናደድ አያለሁ። ግፍ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰችው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ። ኩባንያው ባይኖር ኖሮ ባለ ባጃጁና ተሳፋሪው በቀጥታ አንቺ በር ላይ ነበር የሚቆሙት። ኩባንያው የከፈለው የአንቺን ዕዳ ነው። ጥያቄው ይህን ዕዳ በውሉ መሠረት ለራሱ አድርጎ መሸከም ነበረበት ወይ የሚለው ብቻ ነው። እሱም የሚወሰነው ጥሰት አለ ወይስ የለም በሚለው ነው። ጥሰት ከሌለ የመኪናሽን ይከፍልሻል፣ 104,000ውንም አይጠይቅሽም። ጥሰት ካለ ግን በሁለቱም በኩል ትመቺያለሽ። ለዚህ ነው እግሯ አንድ ናት ያልኩሽ።

አሁን ወደ መንጃ ፈቃዱ ልግባ፤ ከሁሉ ይልቅ ተስፋ ያለሽ እዚህ ነው።

«መንጃ ፈቃዱ ጊዜው አልፎበታል» ሲባል ሰው ሁሉ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። ያላለቀበት ምክንያት በፖሊሲው ውስጥ «ማን ቢነዳት ነው ዋስትናው የሚሠራው» የሚለው አንቀጽ በሁለት ዓይነት አነጋገር ስለሚጻፍ ነው። አንዱ አነጋገር ጥብቅ ነው፤ አደጋው በደረሰበት ሰዓት የጸና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ይላል። እንዲህ ከሆነ በመስከረም ያለፈበትና በጥር የተጋጨ ሾፌር ከውሉ ውጭ ነው፤ ክርክርሽ ቀጭን ይሆናል። ሌላው አነጋገር ግን በአገራችን ብዙ ፖሊሲዎች ላይ የማገኘው ነው፤ ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ አሽከርካሪው በሕግ እንዲያሽከረክር የተፈቀደለት፣ ወይም ቀደም ሲል ተፈቅዶለት የነበረና በፍርድ ቤት ትእዛዝ ያልታገደ ከሆነ። ሙሉው ክርክር የተሰቀለው «ወይም» በምትለው በሦስት ፊደል ላይ ነው። ሾፌርሽ ቀደም ሲል ተፈቅዶለት ነበር? አዎ። ፍርድ ቤት አግዶታል? አላገደውም። እንግዲህ መታደሻው ማለፉ የትራንስፖርት ሕጉን መጣስ ነው፤ ለዚያ ቅጣቱን ይክፈል። የኢንሹራንስ ውሉን መጣስ ግን አይሆንም።

የኩባንያው የሕግ ክፍል መልስ እንደሚሰጥሽ ከአሁኑ ልንገርሽ። «ያልታደሰ ፈቃድ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ስለዚህ በሕግ አልተፈቀደለትም ነበር» ይልሻል። መልስሽ አጭር ይሁን። በሕግ የተፈቀደለት ብቻ እንዲሸፈን ቢፈልጉ ኖሮ የመጀመሪያው ሐረግ ይበቃቸው ነበር፤ «ወይም ቀደም ሲል ተፈቅዶለት የነበረ» የሚለው የተጨመረው ፈቃዱ የነበረውና አሁን በሆነ ምክንያት የሌለው ሰው እንዲገባበት ነው። እሱን ሰው ካላስገባ ማንን ያስገባል? ውሉን ያረቀቀው ኩባንያው ነው፤ አንቺ ከነነጠላ ሰረዙ ተቀበልሽው እንጂ አልተደራደርሽበትም። እንዲህ ያለው ውል አሻሚ ሲሆን ላረቀቀው ሳይሆን ለተቀበለው ወገን እንደሚተረጎም የፍትሐ ብሔር ሕጉ መርሕ ነው።

ሁለት ነገር ግን ይህን ክርክር ያፈርሰዋል፤ አስቀድመሽ እዪያቸው። የመጀመሪያው የመንጃ ፈቃዱ ደረጃ ነው። ሰውየው ይዞት የነበረው ለቤት አውቶሞቢል የሚሆን ከሆነና አይሱዙ ሲነዳ ከተገኘ፣ «ቀድሞ ተፈቅዶለት የነበረ» ማለት አንችልም፤ የተፈቀደለት ይህን መኪና እንዲነዳ አልነበረምና። ደረቅ ጭነት ከሆነና የአንቺን መኪና መጠን የሚሸፍን ከሆነ ደህና። ሁለተኛው እገዳ ነው። በቀድሞ ጥፋት ፈቃዱ ተይዞበት ወይም ታግዶበት ሳያሳድስ የቆየ እንደሆነ ነገሩ የመርሳት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ይህን አንቺ አታውቂ ይሆናል፤ የእህትሽ ባል ስለሆነ ብቻ ሁሉን ነግሮኛል አትበይ። አንድ ጊዜ ባለጉዳይዋ ፊት ተቀምጠን ፋይሉን ስገልጥ፣ ሾፌሩ የገዛ ልጅዋ ሆኖ ሳለ መንጃ ፈቃዱ ከስምንት ወር በፊት እንደታገደበት ያወቀችው ከእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወረቀቱን ብቻ ስታይ የቆየችው ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ መንጃ ፈቃዱን ከሰጠው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ማውጣት ነው። ደብዳቤው አራት ነገር ይበል፦ ፈቃዱ መጀመሪያ የተሰጠው መቼ እንደሆነ፣ ደረጃው ምን እንደሆነ፣ መቼ አልፎ መቼ እንደታደሰ፣ በመካከሉ ታግዶ ወይም ተሰርዞ እንደማያውቅ። አራተኛው ነው ዋናው። የታደሰውን ካርድ ፎቶ ኮፒ ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ የሚያዩት «ጥር 21» የሚለውን ቀን ብቻ ነው፤ እኛም ቤት እንደዚያ ያለውን ቀን በቀይ እስክሪብቶ እናከብበው ነበር። ከአደጋው በኋላ መታደሱ ግን ለአንቺ መጥፎ አይደለም። የጤና ምርመራውን አልፎ ያለ ችግር ማደሱ፣ ፈቃዱን እንዳያገኝ የሚከለክለው ነገር እንዳልነበረ ያሳያልና።

መጠጡ ከበድ ይላል።

እዚህ የሚታየው የፖሊሲው ቃል «በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ተጽዕኖ ሥር ሆኖ» የሚል ነው እንጂ «ጠጥቶ» የሚል አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጥር 12 በዓል ነው፤ በዚያ ቀን ከሐረር የሚመለስ ሾፌር አፉ ቢራ ቢሸት የሚገርም የለም። ሽታ ግን መጠጣቱን ይነግርሻል እንጂ መጠኑንም ሰዓቱንም አይነግርሽም። ምሳ ላይ የተጠጣ አንድ ቢራ ማታ ላይ ሰውን በተጽዕኖ ሥር ያደርጋል ብሎ መከራከር ለኩባንያው ቀላል አይሆንለትም። ደግሞም ዋስትናውን የሚያስቀረውን ምክንያት የማስረዳት ሸክም ያለበት አልከፍልም ያለው ወገን ነው፤ አንቺ «አልሰከረም ነበር» ብለሽ የማስረዳት ግዴታ የለብሽም።

ኩባንያው በምን ያስረዳል? ትንፋሽ ተለክቶ ከሆነ የመለኪያው ውጤት በፖሊስ ፋይል ውስጥ አለ፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ካልተለካ የሚቀሩት ሦስት ናቸው። አንዱ የትራፊክ ፖሊሱ ምስክርነት ነው። «ሸተተኝ» ብቻ ካለ ደካማ ነው፤ «መቆም አቅቶት በሩን ይዞ ነበር፣ ንግግሩ ይንተባተብ ነበር» ካለ ግን መሣሪያ ባይኖርም ሚዛን ይደፋል። ሁለተኛው የሆስፒታል ካርድ ነው፤ ሾፌሩም ተጎድቶ ድንገተኛ ክፍል ገብቶ ከሆነ ሐኪሙ የጻፈው አንድ መስመር ከማንም ምስክር ይበልጣል። ሦስተኛው የአደጋው ፕላን ነው። ፖሊስ በሜትር እየለካ የሚነድፈው ያ ሥዕል ብዙ ይናገራል። የፍሬን መጎተት ምልክት አለ? ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ለመቆም የሞከረ እንደሆነ አስፋልቱ ላይ ይታያል። ወይስ መኪናዋ ምንም ሳትይዝ በቀጥታ የግራውን መስመር አልፋ ነው ግንቡ ውስጥ የገባችው? የኋለኛው ከሆነ «ተኝቷል ወይም ጠጥቷል» የሚለው ጥርጣሬ ይበረታል። የደንገጎን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ በፍሬን የወረደ የጭነት መኪና ከተማ ሲገባ ፍሬኑ ግሎ ሊላላ ይችላል። የቴክኒክ ምርመራ ተደርጎ ከሆነ ውጤቱን ፈልጊ።

ይህን ሁሉ ሳታዪ መልስ አትስጪ። የፖሊስ ሪፖርቱንና የፕላኑን ማህተም ያለበት ቅጂ አውጥተሽ በራስሽ ዓይን አንብቢ፤ ኩባንያው በደብዳቤው ላይ የጠቀሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ከሪፖርቱ ውስጥ ተቆርጦ የወጣ ሊሆን ይችላል።

በዚህ አገር ሌላም ነገር አለ፤ አልጠየቅሽኝም ግን ላንሳው። ሐረር ዕቃ አራግፎ በአወዳይ በኩል የሚመለስ ሾፌር ጫት መያዙ የታወቀ ነው። «አደንዛዥ ነገር» የሚለው ቃል ጫትን ይጨምራል ወይ የሚለው ያከራክራል። እኔ በበኩሌ በውሉ ላይ በስሙ ካልተጠቀሰ አይጨምርም ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ኩባንያው ይህን ክርክር ባላነሳበት ቦታ አንቺ «እሱ እኮ የሚቅም እንጂ የሚጠጣ አይደለም» ብለሽ ለማስተባበል እንዳትሞክሪ። ከዝናብ ሸሽቶ ጎርፍ ውስጥ መግባት ይሆናል፤ ደቻቱ ዳር ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

እውነቱን ደግሞ ከሾፌሩ አፍ ስሚ፤ ብቻችሁን ሆናችሁ። እውነት አንድ ቢራ ነው? ሦስትና አራት ከሆነ፣ መሸታ ቤት አብሮት የነበረ ሰው እንደሚኖር፣ ያም ሰው ሊጠራ እንደሚችል አስቢ። በእርግጥ ሰክሮ የነበረ ከሆነ ኩባንያው ልክ ነው፤ ያኔ የምመክርሽ ክርክር ሳይሆን ድርድር ይሆናል።

«ሌላ ሰው ነበር የነዳው በይ» ያለሽን ሰው ደግሞ ዳግመኛ ስለዚህ ጉዳይ አታማክሪው። ሰውየው ምን እያደረገ እንደሆነ አያውቅም። የሾፌሩ ስም የፖሊስ ሪፖርቱ ላይ ሰፍሯል፤ ባለ ባጃጁ አይቶታል፤ የአደጋ ማስታወቂያ ቅጹን ስትሞዪም ስሙን ራስሽ ጽፈሻል። ከዚህ በኋላ ቃልሽን ብትለውጪ ኩባንያው በመንጃ ፈቃድ የጀመረውን ክርክር ትቶ «በማጭበርበር» ይከስሻል፤ ፖሊሲው ውስጥ ሐሰተኛ የካሣ ጥያቄ ያቀረበ ሰው መብቱን ሁሉ ያጣል የሚል አንቀጽ አለ። እስከ ዛሬ የምታሸንፊበት በር ክፍት ነው፤ ያን ዓረፍተ ነገር የተናገርሽ ቀን ይዘጋል። የሐሰት ምስክር ሆኖ የሚቀርበው ሰውም በወንጀል ይጠየቃል።

ሾፌሩን ልክሰሰው ወይ ላልሽው፣ አሁን አይሆንም፤ ምክንያቴ ግን የእህትሽ ቅያሜ ብቻ አይደለም። እሱን ለመክሰስ ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ? «ሰክሮ ነዳ፣ መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው ነዳ፣ ለዚህ ኪሣራ ዳረገኝ» ብለሽ ነው። ያን ክስ ኩባንያው አንሥቶ «ባለቤቷ ራሷ ብላዋለች» ብሎ ያቀርበዋል። የእሱን ክርክር አንቺ በራስሽ የዳኝነት ወጪ ትጽፊለታለሽ ማለት ነው። መጀመሪያ ከኩባንያው ጋር ያለው ይለቅ።

ከዚህ ይልቅ የሾፌሩ የትራፊክ ክስ የት እንደደረሰ ተከታተዪ። ብዙ ሾፌር «ጥፋተኛ ነኝ ብል ቶሎ ያልቃል» ብሎ ክሱን ሳያነብ ያምናል። ክሱ ላይ መንጃ ፈቃድ ሳያሳድስ ማሽከርከርና በቸልተኝነት ጉዳት ማድረስ ብቻ ከሆነ ያለው፣ እውነት ስለሆነ ቢያምን ጉዳት የለውም። «ጠጥቶ በማሽከርከር» የሚል ተጨምሮ ከሆነና እሱም እንዲሁ በደፈናው ካመነ ግን ያ ፍርድ ለኩባንያው ከትንፋሽ መለኪያ ይበልጣል። ዋሽ እያልኩት አይደለም፤ እያንዳንዱ ክስ ለየብቻው መሆኑን አውቆ፣ ያደረገውን ብቻ ይመን።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ስለ መኪናሽ ጥገና አልጻፍሽልኝም፤ ከሦስት ጋራዥ ካወጣሽው ፕሮፎርማ ዝቅተኛው 386,000 ብር ነው እንበል፣ በፖሊሲው ላይ በአንቺ የሚሸፈነው ተቀናሽ 15,000 ብር ይሁን። የምትጠይቂው 371,000 ብር ነው። ሁለቱም ምክንያቶች ከወደቁ ይህን ትቀበያለሽ፣ 104,000ውም በኩባንያው ላይ ይቀራል። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ጸንቶ ከቆመ ግን 371,000ው ይቀርብሻል፣ 104,000 ደግሞ ትከፍያለሽ። በሁለቱ ውጤቶች መካከል ያለው ልዩነት 475,000 ብር ነው። ኩባንያው ሁለት ምክንያት የጻፈው ለዚህ ነው፤ ለእሱ አንዱ ይበቃዋል፣ አንቺ ግን ሁለቱንም መጣል አለብሽ።

ብትሸነፊ እንኳ 104,000 የሚለውን ቁጥር እንዳለ አትዋጪው። ኩባንያው ሊጠይቅሽ የሚችለው አንቺ በሕግ ልትከፍዪው ይገባ የነበረውን ያህል እንጂ እሱ በችኮላ የከፈለውን ሁሉ አይደለም። ባጃጁ በዚያ ምሽት መብራት ነበረው? በየትኛው መስመር ነበር? በአንቀጽ 2084 መሠረት ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ፣ አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንዱ አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ካልተረጋገጠ በቀር ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጠራል። እንዲያ ከሆነ ለባጃጁ የተከፈለው 78,000 ብር ሙሉ በሙሉ ያንቺ ላይሆን ይችላል። የክፍያውን ዝርዝር፣ የጥገናውን ደረሰኝና የሕክምናውን ማስረጃ በጽሑፍ ጠይቂ። የተሳፋሪው 26,000 ግን አይነካ፤ እሱ በባጃጁ ውስጥ ከመቀመጥ በቀር ያጠፋው የለም።

መንገዱ እንዲህ ነው። ማስረጃዎቹን ከሰበሰብሽ በኋላ ለኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት የካሣ ክፍል አንድ ደብዳቤ ጻፊ፤ ድሬ ያለው ቅርንጫፍ ውሳኔውን የመለወጥ ሥልጣን ላይኖረው ይችላል። በደብዳቤው የፖሊሲውን አንቀጽ ቃል በቃል ጥቀሺ፣ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱን ማስረጃ አያይዢ፣ «በተጽዕኖ ሥር ነበር ያላችሁበትን ማስረጃ ቅጂ ስጡኝ» በዪ። ፖሊሲው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነ አንቀጹን ሕግ በሚያውቅ ሰው አስተርጉሚ። ከፖሊሲው ጋር በየዓመቱ የሚያያዙትን ማሻሻያዎችም ጠይቂ፤ ዋናው ውል ላይ ያለው «ወይም» በማሻሻያ ወረቀት ተሰርዞ ያየሁበት ጊዜ አለ። መልሳቸው ካልጣመሽ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ስለሆነ አቤቱታ ማቅረብ ትችያለሽ፤ እሱ ግን ካሣ የሚፈርድልሽ ዳኛ አይደለም። የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው፤ ውሉ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለው ደግሞ መጀመሪያ እሱን አንብቢ። ድሬዳዋ የፌዴራል ፍርድ ቤት ችሎት ስላላት አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ አይጠበቅብሽም።

በዚህ ሁሉ መካከል ጊዜውን አትርሺ። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 ከኢንሹራንስ ውል የሚነሣ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይታገዳል። ደብዳቤ መመላለሱ ሰዓቱን ያቆምልኛል ብለሽ አትዘናጊ፤ «ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው» የሚል ትሕትና የተሞላ ደብዳቤ እየተቀበሉ ሁለት ዓመት የሞላባቸውን ሰዎች አውቃለሁ። ከጥር 12 ጀምረሽ ቁጠሪ።

በመሐል «እንግዲህ በበጎ ፈቃድ የተወሰነ እንስጥሽ» ሊሉሽ ይችላሉ። ይህ መጥፎ ነገር አይደለም፤ የሾፌሩ እውነት ከአንድ ቢራ በላይ ሆኖ ካገኘሽው እንዲያውም ደህና መውጫ ነው። ብቻ ቼኩን ሲሰጡሽ የሚያስፈርሙሽ የመልቀቂያ ቅጽ «ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም» የሚል እንደሆነ እወቂ፤ እነሱም 104,000ውን እንደማይጠይቁሽ በዚያው ወረቀት ላይ ካልተጻፈ አትፈርሚ። የአንቺን አፍ ዘግተው የራሳቸውን ክፍት የሚተው ቅጽ አይቻለሁ።

አደጋውን በንግድ ሕጉ አምስት ቀን ውስጥ ማሳወቅሽን በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም፤ ኩባንያው በምክንያትነት ስላላነሣው እንዳሳወቅሽ ወስጃለሁ። መኪናዋ ፖሊሲው ላይ ለራስሽ ዕቃ ተብላ ተመዝግባ ለሌላ ሰው በኪራይ ስትጭን የነበረች እንደሆነ ግን አሁኑኑ ጻፊልኝ፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው፤ ክርክሩን ከመጀመርሽ በፊት ማወቅ አለብኝ።

ሰኞ ጠዋት ሾፌሩን ይዘሽ ወደ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ሂጂ። እሱ ራሱ ይጠይቅ፤ ፋይሉ የእሱ ነው። ደብዳቤውን ስትቀበዪ «ታግዶ አያውቅም» የሚለው መስመር መኖሩን መስኮቱ ላይ እንደቆምሽ አንብቢ፤ ከሌለ እዚያው አስጨምሪ።